«ዋ» የባለቤት ምልክት አይደለም!

ጃፓንኛ የተማራችሁ ልጆቼ፣ «ዋ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ያመለክታል» የሚል ማስታወሻ አሁንም ሲዞር አያለሁ። ኧረ ተዉ!

እስቲ «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ» በሉ። ዞ ዝሆን፣ ሃና አፍንጫ፣ ናጋይ ረጅም ነው። ረጅሙ ምንድነው? አፍንጫው! ባለቤቱ እሱ ነው፤ ጋም የተከተለው እሱን ነው። የዋ ሥራ «ስለ ዝሆን ካነሳን» ማለት ብቻ ነው። እኛም እኮ «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው» እንላለን፤ ማንም አይደናገርም።

ዋን ባለቤት ካላችሁት «ማን መጣ?» ላይ ትወድቃላችሁ። «ዳሬ ጋ ኪማሺታ ካ» ነው እንጂ «ዳሬ ዋ» አይባልም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እንዴት የወሬ ርዕስ ይሆናል? መልሱም «ታናካ ሳን ጋ ኪማሺታ» ነው። «ታናካ ሳን ዋ» ካላችሁ፣ «ታናካስ መጥቷል፤ ሌሎቹን እንጃ» ይመስልባችኋል።

ማስታወሻውን አርሙት፦ ዋ ለርዕስ፣ ጋ ለባለቤት።