አሥራ አራቱ ስላይድ አራት ሲሆን

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና «አባዬ፣ ነገ የማቀርበውን እስቲ እይልኝ» አለችኝ። የሒሳብ መምህራቸው መረጃ ሰብስባችሁ ተንትኑ ብሎ አሳይንመንት ሰጥቷቸዋል። እሷ የመረጠችው 40ዎቹ የክፍሏ ልጆች በምን እንደሚመጡና በአንድ ወር ውስጥ ስንት ቀን እንዳረፈዱ ነው። ጉዳዩ የማርክ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ያረፈደ ተማሪ ላይ በር ይዘጋል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ሊያዳምጡ ይመጣሉ ተብሏል።

የተሰጣት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ ያዘጋጀችው ግን 14 ስላይድ። ሥራውን በሠራችበት ቅደም ተከተል ደርድራዋለች፤ መጠይቁ፣ ሠንጠረዡ፣ ስሌቱ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አጠገቤ የተቀመጡት እናቴ «ቆይ ልጄ፣ አሁን ምን ልትነግሪን ነው?» አሏት። «ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚመጡት ናቸው በጣም የሚያረፍዱት» ብላ መለሰች። ይህች ዓረፍተ ነገር ከ14ቱ ስላይዶች በአንዱም ላይ አልተጻፈችም።

ከዚያ ጀመርን። «መጓጓዣና ማርፈድ» የሚለውን ርዕስ አጥፍታ፣ ያቺኑ ለአያቷ የመለሰችውን ዓረፍተ ነገር ጻፈችበት። ለሌሎቹም እንዲሁ አደረግን። ርዕሱ ሙሉ ሐሳብ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሥዕል ያንን ሐሳብ ብቻ ያሳያል። ለርዕሱ ሁለት ሐሳብ ካስፈለገ ሁለት ስላይድ ነው፤ አንድም ካልተገኘለት ስላይዱ ይወጣል።

ቀጥሎ ግራፎቹን አየን። የመጀመሪያው 85ቱን የማርፈድ ቀናት እንደ ዳቦ የቆራረጠ ክብ ግራፍ ነው፤ ሁለት ታክሲ 40፣ አንድ ታክሲ 28፣ በእግር 16፣ ሰርቪስ 1። እናቴ «በእግር የሚመጡትም ያረፍዳሉ ለካ» አሉ። እውነቱ ግን በእግር የሚመጡት ልጆች 16 ስለሆኑ ነው ቁራጩ የሰፋው። ክብ ግራፍ ጠቅላላው እንዴት እንደተከፋፈለ እንጂ ማን ይበልጥ እንደሚያረፍድ አይናገርም። ስለዚህ ለተማሪ ቁጥር አካፈለችው። በእግር የሚመጣ ልጅ በአማካይ 1 ቀን፣ በአንድ ታክሲ የሚመጡት 14 ልጆች 2 ቀን፣ በሁለት ታክሲ የሚመጡት 8 ልጆች ደግሞ 5 ቀን ያረፍዳሉ። ይህንን ከብዙ ወደ ጥቂት በተደረደሩ አግዳሚ ባሮች ስታሳየው፣ እናቴ ያለ ማብራሪያ ገባቸው።

ሁለተኛው «ሰኞ የሚያረፍደው ከማክሰኞው በሦስት እጥፍ ይበልጣል» የሚል የባር ግራፍ ነበር። ቁጥሮቹን ሳያቸው ሰኞ 18፣ ማክሰኞ 16 ናቸው። ኤክሴል ልኬቱን ከ15 ስለጀመረው የሰኞው ባር ሦስት፣ የማክሰኞው አንድ እርከን ቁመት ወጣቸው። ባር በቁመቱ ስለሚነበብ ልኬቱ የግድ ከዜሮ መጀመር አለበት። ስታስተካክለው አምስቱም ቀናት እኩል ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። የሚነገር ነገር ስላጣች ስላይዱን አወጣችው፤ ፊቷ ግን ቅር ብሎት ነበር።

ሦስተኛው የሁሉም ተማሪ ስም ከነማርፈዱ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ነው። አንድ ልጅ 12 ቀን አርፍዷል። «ስሙን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት ልታነቢው ነው?» አልኳት። ዝም አለች። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ያለ ስም አንድ ነጥብ የሆነበት ግራፍ ሠራች። ያ ልጅ ብቻውን ከላይ ይታያል። «እሱ ቢወጣስ?» ብዬ ጠየቅኋት። አሰላችው፤ የቀሩት ሰባቱ በአማካይ 4 ቀን ያረፍዳሉ፤ አሁንም ከሁሉም ይበልጣሉ። የስላይዱ ርዕስም «ልዩነቱን ያመጣው አንድ ልጅ አይደለም» ሆነ።

መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ጥፋቱ የታክሲ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ሁለት ታክሲ የሚይዙት ቤታቸው ሩቅ ስለሆነም ሊሆን ይችላል፤ የጉዞውን ደቂቃ ደግሞ አልጠየቀቻቸውም። ስለዚህ አራተኛው ስላይድ «ይህ የአንድ ክፍልና የአንድ ወር መረጃ ነው፤ ምክንያቱን ገና አላወቅንም» የሚል ሆነ።

ሰኞ ማታ ስትመጣ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ «ይህን ያመጣው ያ አንድ ልጅ አይደለም ወይ?» ወደ ነጥቦቹ ስላይድ ተመልሳ መለሰችላቸው። የበሩ ነገር ገና አልተወሰነም። የልጁን ስም ግን ማንም አልጠራም።