ስለ ሥራ መልቀቂያ ደብዳቤና ስለ ሒሳብ ርክክብ

በፈረንሳይ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ለአሠሪው የሚልከው ደብዳቤ፣ ዛሬ በኢሜይል ቢላክም፣ የጥንቱን የአጻጻፍ ሥርዓት እንደያዘ ነው። መዝጊያው «ቮዬ አግሬዬ» ብሎ ይጀምርና አሠሪው የላቀውን ሰላምታ እንዲቀበል ይለምናል። ይሁን እንጂ የደብዳቤው ዋጋ ያለው በዚህ ትሕትና ሳይሆን በቀኑና በርክክቡ ላይ ነው።

የፈረንሳይ ሕግ ለመልቀቂያው አንድ የተለየ ቅርጽ አላዘዘም፤ ፍርድ ቤቶች የሚፈልጉት የሠራተኛው ፈቃድ ግልጽና የማያሻማ መሆኑን ነው። የማስጠንቀቂያው ዘመን በሙያው የጋራ ስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ እንደ ማዕረጉ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይሆናል። ኢሜይሉ መቼ እንደ ደረሰ ክርክር ሊነሣ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ሰው በጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ወይም መቀበያ ደረሰኝ ያለው የአደራ ደብዳቤ ይጨምርበታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ርክክቡን ሲያቀርቡ ነው። «ምትክ እስኪገኝ ድረስ እቆያለሁ» የሚል ቃል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ቀን ያጠፋዋል። የሚሻለው ርክክቡ በማስጠንቀቂያው ዘመን ውስጥ እንደሚፈጸም መግለጽና ምን እንደሚረከብ መዘርዘር ነው።

ለምሳሌ ማስጠንቀቂያዋ 2 ወር የሆነ፣ ዓመታዊ ሒሳቡን ታኅሣሥ 31 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር በሚዘጋ ድርጅት የምትሠራ አንዲት ሒሳብ ያዥ፣ መልቀቂያዋ የካቲት 3 ቀን ደረሰ እንበል። ሥራዋ የሚያበቃው ሚያዝያ 2 ቀን ማታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የባንኩን ሒሳብ ከባንክ መግለጫው ጋር ታስታርቃለች፤ የደንበኞችንም ክፍያ ከየደረሰኙ ጋር ታገናኛለች። በመጋቢት የሚቀርበውን የየካቲት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ምትኩ ራሱ እንዲያዘጋጅ ታደርግና እርሷ አጠገቡ ሆና ትመለከታለች። በመጨረሻም የባንክ ፊርማ ሥልጣንዋና የምሥጢር ቃሎችዋ የሚሻሩበት ቀን ይጻፋል።

ርክክቡ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ አሠሪ በፈረንሳይ የሒሳብ ዝርዝር ቁጥር 471 የተባለውን ይመልከት። ይህ ወዴት እንደሚመዘገብ ያልታወቀ ገንዘብ ለጊዜው የሚቆይበት ሒሳብ ነው። እዚያ ያለው እያንዳንዱ መስመር ማብራሪያ ከሌለው፣ ዕውቀቱ ከሠራተኛዋ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አሠሪው በበኩሉ ደብዳቤውን እንደ ክህደት ሊቈጥረው አይገባም። ተቈጥቶ ሠራተኛዋን በዚያው ቀን ቢያሰናብታት፣ የማስጠንቀቂያውን ዘመን ደመወዝ ይከፍላል፤ ርክክቡን ግን ያጣል። ሠራተኛዋ ራሷ ቀድሞ መሄድን ጠይቃ ቢፈቀድላት ግን ያልሠራችበት ጊዜ አይከፈልም። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት የርክክቡን ዝርዝር በጽሑፍ መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።