ወንበሩ ተገዛ፣ አንገቱ ግን አልዳነም

ሠራተኛ «አንገቴን አመመኝ» ሲል ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁት መልስ አንድ ነው፦ ውድ ወንበር። እሱም ቢሆን ቀድሞ የሚደርሰው ቀኑን በስብሰባ ለሚያሳልፈው ኃላፊ ነው። ችግሩ ያለው ግን ላፕቶፑ ላይ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ፣ እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል፤ ስክሪኑ ከፍ ሲል ደግሞ እጅ ይሰቀላል። ይህን የትኛውም ወንበር አይፈታውም።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች የሒሳብ ሠራተኛ ትታሰብ። ጠረጴዛዋ እንደተለመደው 75 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሯ መሬት ረግጦ ስትቀመጥ ክርኗ ከጠረጴዛው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ትከሻዋን ሰቅላ ትውላለች። ወንበሯን በዚያው ልክ ከፍ ብታደርግ ክርኗ ይስተካከላል፣ እግሯ ግን ይንጠለጠላል።

መፍትሔው ስቶር ውስጥ አለ። ባለ 500 ቅጠል የፎቶኮፒ ወረቀት እሽግ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሁለቱ ከእግሯ ሥር፣ አራቱ ከላፕቶፑ ሥር ይግቡ። ያኔ የስክሪኑ አናት ከዓይኗ ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። የሩቅና የቅርብ እይታን ያጣመረ መነጽር ካላት ከላፕቶፑ ሥር አንድ ሁለት እሽግ ይቀነስ፤ አለዚያ አገጯን ቀና አድርጋ ማንበቧ አይቀርም። የሚገዛው ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ላፕቶፕ አስፈርሞ ኪቦርድ የሚነፍግ ግዢ ክፍል «በጀት የለም» ሊል አይችልም፤ ለኃላፊው ወንበር በጀት ነበረውና።