የዕፅዋት ስብጥር ልዩነት ሲዘገብ የመበታተኑም መጠን አብሮ ይገለጽ

በግጦሽ መሬትና ከከብት ንክኪ ተጠብቆ በቆየ መሬት መካከል ያለውን የዕፅዋት ልዩነት ለማወቅ የሚደረጉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደመደማሉ። ይኸውም «የሁለቱ ቦታዎች የዝርያ ስብጥር በግልጽ ይለያያል፤ ፒ = 0.001» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ለምክር የሚበቃ ነው ብለን አናምንም። አንድ ገበሬ የግጦሽ መሬቱን ለቅቆ እንዲከልል ከመመከሩ በፊት፣ ልዩነት የተባለው ነገር ምን ዓይነት ልዩነት እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል።

ልዩነቱ ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው፣ በተከለለው መሬት ላይ ያሉት ዕፅዋት በአጠቃላይ በግጦሹ መሬት ካሉት ሌሎች ሲሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የሁለቱ ቦታዎች አማካይ ስብጥር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የአንደኛው ናሙናዎች እርስ በርስ ሲመሳሰሉ የሌላው ግን ከቦታ ቦታ ሲዘበራረቁ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ መከለል ሌላ ዓይነት ዕፅዋት አምጥቷል ለማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሁኔታ ግን የግጦሹ መሬት አንዳንድ ክፍሎች የተከለለውን መሬት ዕፅዋት አሁንም ይዘው ሊሆን ስለሚችል፣ መሬቱን በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ በየተራ ማሳረፉ ይበቃ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈተናው እንዴት ይሠራል?

ፐርማኖቫ የሚባለውን ፈተና ማርቲ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2001 በዝርዝር አቅርበዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ሁለት የናሙና ቦታዎች መካከል ያለው የስብጥር ርቀት ይሰላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ብሬይና ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጠቀሙበት መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት ቦታዎች በዝርያና በመጠን ፍጹም አንድ ከሆኑ ርቀታቸው 0፣ አንድም የጋራ ዝርያ ከሌላቸው 1 ይሆናል። ቀጥሎ በቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት በቡድኖች ውስጥ ካለው ልዩነት ጋር ይነጻጸርና ኤፍ የተባለው ቁጥር ይገኛል።

ይህ ኤፍ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለው የሚወሰነው መለያዎችን በማቀያየር ነው። «የተጋጠ» እና «ያልተጋጠ» የሚሉትን ስሞች በካርድ ጽፈን፣ ካርዶቹን በውዝተን ለናሙና ቦታዎቹ በዕጣ እንደማደል ማለት ነው። ይህ 999 ጊዜ ተደርጎ ከዕጣዎቹ አንዱም እንኳ ከእውነተኛው ኤፍ የሚተካከል ካላስገኘ ፒ 0.001 ይሆናል። ስለዚህ በ999 ዕጣ ከዚህ ያነሰ ፒ ማግኘት አይቻልም። ቁጥሩ ከዕጣው ብዛት የመጣ ወሰን እንጂ የልዩነቱን ታላቅነት የሚናገር አይደለም።

ዕጣ የማውጣቱ ዘዴ የሚያርፍበት አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም በቡድኖቹ መካከል ልዩነት ከሌለ ካርዶቹ በማናቸውም ቦታ ቢቀመጡ ለውጥ የለውም የሚል ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ ቡድን ናሙናዎች የተበታተኑ፣ የሌላው የተሰበሰቡ ከሆኑ፣ ማዕከላቸው አንድ ቢሆንም እንኳ ካርዶቹ እኩል የሚለዋወጡ አይደሉም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በቁጥር የታየ ምሳሌ

ማንም ሰው ራሱ ደግሞ ሊሠራው እንዲችል፣ በአር ፕሮግራም ውስጥ vegan ከተባለው ጥቅል ጋር አብሮ የሚገኘውን መረጃ እንወስዳለን። መረጃው ቫሬ፣ ኦህቶኔንና ኦክሳኔን እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጡት፣ የሰሜን አውሮፓ የጥድ ደን ሥር ዕፅዋትን ከሚመለከት ጥናት የተገኘ ነው። 24 የናሙና ቦታዎችና 44 ዝርያዎች አሉበት። ከቦታዎቹ 16ቱን ሬንዲር የተባለው የሰሜን አጋዘን ይግጣቸዋል፤ 8ቱ አይጋጡም። አገሩ ሩቅ ቢሆንም የጥናቱ ቅርጽ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግጦሽ መሬት ሰፊ፣ የተከለለው ጥቂት ስለሆነ፣ በእኛም ዘንድ የናሙናው ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሳይመጣጠን ይቀራል።

```
library(vegan)
data(varespec)
set.seed(1)
dis <- vegdist(varespec)
gr <- factor(rep(c("grazed","ungrazed"), c(16,8)))
adonis2(dis ~ gr, permutations = 999)
bd <- betadisper(dis, gr)
bd
anova(bd)
permutest(bd, permutations = 999)
```

`adonis2` የሚለው መስመር ፐርማኖቫን ይሠራል። `betadisper` የሚለው ደግሞ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት የመበታተን መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ የየቡድኑን መካከለኛ ነጥብ ፈልጎ፣ እያንዳንዱ የናሙና ቦታ ከራሱ ቡድን መካከለኛ ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነው። የተጋጡት ቦታዎች ከመካከለኛ ነጥባቸው በአማካይ 0.3926 ይርቃሉ፤ ያልተጋጡት ግን 0.2706 ብቻ። ለዚህ ልዩነት `anova` የሚሰጠው ኤፍ 4.62፣ ፒ ደግሞ 0.043 ነው። በአጭሩ፣ የተጋጠው ደን ከቦታ ቦታ የተዘበራረቀ፣ ያልተጋጠው ይበልጥ አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው። ባልተጋጠ ደረቅ የጥድ ደን ውስጥ ክላዶኒያ ስቴላሪስ የተባለው ላይከን መሬቱን ሸፍኖ ስለሚይዝ ቦታዎቹ መመሳሰላቸው የሚያስገርም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ናሙናው ጥቂት በሆነ ቁጥር መካከለኛው ነጥብ ወደ ናሙናዎቹ ስለሚጠጋ፣ መበታተኑ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። በመሆኑም 8 ናሙና ያለው ቡድን ከ16ቱ ይልቅ ይጎዳል። በ`betadisper` ውስጥ `bias.adjust = TRUE` ብንል ይህ ይስተካከላል። ቁጥሮቹ 0.4055 እና 0.2893 ይሆናሉ። ልዩነቱ ጥቂት ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የመጀመሪያው ከሁለተኛው 1.4 እጥፍ ነው፤ ርቀቶቹ በካሬ ሲወሰዱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ስሕተቱ ወደ የት ያዘነብላል?

አሁን የአንደኛው ቡድን መበታተን በካሬ ሲለካ የሌላው ሁለት እጥፍ ነው እንበል፤ የሁለቱ ማዕከል ግን ፍጹም አንድ ይሁን። እውነተኛ የማዕከል ልዩነት ስለሌለ ኤፍ በ1 አካባቢ ሊሆን ይገባዋል። የተበታተነው ቡድን 8፣ የተሰበሰበው 16 ናሙና ካለው ግን ሒሳቡ ኤፍን ወደ 1.26 ከፍ ያደርገዋል። ምክንያቱም በቡድን ውስጥ ያለው ልዩነት ሲሰላ ብዙ ናሙና ያለው የተሰበሰበው ቡድን ስለሚያመዝን ማካፈያው ያንሳል፤ የትንሹ ቡድን አማካይ ደግሞ ከጥቂት የተበታተኑ ናሙናዎች ስለተገኘ በአጋጣሚ ከቦታው በቀላሉ ይወጣል። በዚህም የሌለ ልዩነት እንዳለ ሆኖ ሊዘገብ ይችላል።

በአንጻሩ የተበታተነው ቡድን 16፣ የተሰበሰበው 8 ከሆነ ኤፍ ወደ 0.79 ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ፈተናው ይሰስታል፤ ያለውን ልዩነት ሊደብቅ ይችላል። የሬንዲሩ መረጃ ከዚህኛው ወገን ነው። ስለዚህ በእርሱ ላይ ፐርማኖቫ ልዩነት አለ ቢል፣ ልዩነቱን የፈጠረው መበታተኑ ብቻ ነው ብሎ መጣል ትክክል አይሆንም። ሁለቱም ቡድኖች 12፣ 12 ናሙና ቢኖራቸው ደግሞ ኤፍ ወደ 1 ይመለሳል። አንደርሰንና ዎልሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በኮምፒዩተር በተፈጠሩ መረጃዎች ደጋግመው ሞክረው ያገኙት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ናሙናው ሲመጣጠን ፐርማኖቫ በመበታተን ልዩነት እምብዛም አይናወጥም።

ስለዚህ አንዳንዶች «የመበታተን ልዩነት ከተገኘ ፐርማኖቫ ይጣል» የሚሉትን አንደግፍም። የናሙናው ቁጥር ሳይታይ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት አይገባም። በሌላ በኩል «የመበታተኑ ፈተና ፒ ከ0.05 በላይ ስለሆነ መበታተናቸው እኩል ነው» ማለትም አያስኬድም። በየቡድኑ አምስትና ስድስት ናሙና ብቻ ሲኖር ይህ ፈተና ብዙ ልዩነት ሳያይ ያልፋል። የሚበጀው አማካይ ርቀቶቹን ራሳቸውን መጻፍ ነው፤ አንባቢው አይቶ ይፈርዳል።

ከመስክ ሥራ በፊት

በትንተና ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚወለደው በመስክ ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ የሚቻል ከሆነ ከሁለቱም ዓይነት መሬት እኩል ናሙና ይወሰድ። ሃያ ናሙና የመውሰድ አቅም ካለ 15 ከግጦሽ፣ 5 ከክልል ከማድረግ 10፣ 10 ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ናሙናው በጣም አይነስ። ከየቡድኑ 3፣ 3 ናሙና ብቻ ከተወሰደ ስድስቱን ቦታዎች በሁለት ቡድን መክፈል የሚቻለው በ10 መንገድ ብቻ ነው። ልዩነቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ፒ ከ0.1 በታች ሊወርድ አይችልም። ከየቡድኑ 4 ሲሆን መንገዱ 35፣ 5 ሲሆን 126 ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ክልል ውስጥ የተወሰዱ 8 ናሙናዎች ስምንት ክልሎች አይደሉም። ካርዶቹ መታደል ያለባቸው አያያዙ በተወሰነበት ደረጃ ነው። መከለሉ የተደረገው በክልል ደረጃ ከሆነ፣ መለያውም በክልል በክልል እንጂ በናሙና በናሙና ሊቀያየር አይገባም። አንድ ክልል ብቻ ያጠና ሰው ስለዚያ ክልል ሊናገር ይችላል፤ ስለ መከለል በአጠቃላይ ግን ሊናገር አይችልም።

በዘገባ ውስጥ ምን ይጻፍ?

የእኛ አስተያየት በአንድ አንቀጽ የሚጠቃለል ነው። የስብጥር ልዩነት የሚዘግብ ጽሑፍ የየቡድኑን የናሙና ቁጥር፣ የተጠቀመበትን የርቀት መለኪያ፣ ኤፍንና ፒን፣ ቡድኖቹ ከጠቅላላው ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚገልጹ፣ እንዲሁም የየቡድኑን አማካይ ርቀት ከመካከለኛው ነጥብ ጋር ይጻፍ። ካርዶቹ በምን ደረጃ እንደተቀያየሩም ይገለጽ። ቡድኖቹ በነጥብ የተሣሉበት አንድ ሥዕል ቢጨመር አንባቢው ማዕከሎቹ መራራቃቸውን ወይስ አንደኛው በሌላው ውስጥ ተዘርግቶ መተኛቱን በዓይኑ ያያል። ይህ ሁሉ በዘገባው ላይ ከአምስት መስመር አይበልጥም። እነዚህን መስመሮች ያላየ የልማት ሠራተኛ ግን መሬቱ ይከለል ወይስ በየተራ ይረፍ ብሎ ለገበሬው ለመንገር የሚያስችለው መረጃ በእጁ የለም።