የመድኃኒት ፖስታ እንደ መማሪያ

ቀን ሠርታ ማታ ፊደል የምትቆጥር የቤት ሠራተኛ አለቻችሁ? ዛሬ ማታ ገበታውን ተዉትና የመድኃኒት ፖስታ አውጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያሸንፋታል።

«ከምግብ በፊት» የሚለውን በጣታችሁ እያሳያችሁ አንብቡላት። ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በመቀስ ለያዩት፦ ከ፣ ም፣ ግ፣ ብ። «ብ»ን ከ«በፊት» «በ» ጋር አስተያዩ፤ የአንድ ቤት ፊደላት መሆናቸውን ራሷ ትድረስበት። «ኋ» አስቸጋሪ ስለሆነች «በኋላ»ን ለጊዜው እንዳለ ትያዘው።

አሁን «በፊት» እና «በኋላ» የተጻፈባቸውን ካርዶች ቀያይሩ። ሁለቱም በ«በ» ስለሚጀምሩ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይታ የምትገምት ተማሪ እዚህ ትሳሳታለች። ወረቀቱን ትታ ፊታችሁን ካየችም እየገመተች ነው፤ ወደ ተቆራረጡት ፊደላት ተመለሱ።

በመጨረሻ አይታው የማታውቅ ፖስታ ስጧትና ጠይቋት፦ ይህ ኪኒን ከቁርስ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው?