«ወረቀት አለህ?» የሚሉት ማምለጫ

በአገራችን አንድ ክፉ ጥያቄ አለ። ሰውየው ቃሉን ሲያጥፍ፣ ሲጠየቅም ሲቆጣ፣ መጨረሻ ላይ የሚመዛት ጥያቄ ናት። «ወረቀት አለህ?» ይላል። ወረቀት የለም። ተበዳዩም ጉዳዩ ያለቀ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እኛ የምንለው ይኼ ነው፤ ጉዳዩ አላለቀም። ብዙ ጊዜ ገና አልተጀመረም።

እስቲ ወደ ላስታ እንውጣ። የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ላይ ከሚደረገው ንግድ ስንቱ በወረቀት ነው? ከብልባላና ከገነተ ማርያም የሚወርደው ገበሬ በጉን፣ ማሩን፣ ገብሱን የሚሸጠው በቃሉ ነው። ገና ሲደርስ በቅሎ የሚያከራየው፣ ለምዕመናን ቤቱን የሚያሰናዳው፣ ለሆቴል እንጀራ የምታቀርበው፣ ሁሉም «እሺ» ተባብሎ ነው ሥራ የሚጀምረው። «ወረቀት ከሌለ ውል የለም» ከተባለ እንግዲህ የላስታ ኢኮኖሚ በሙሉ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው።

ሕጉ እንዲህ አይልም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ላይ መነሻውን አስቀምጧል። ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል ተዋዋዮቹ በመስማማታቸው ብቻ ይጸናል። ቁጥር 1731 ደግሞ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይሆናል ይላል። «በጽሑፍ የተቋቋመ» አላለም። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉትን ሕግ አውጪው በሌላ ቋንቋ ደገመው እንጂ አልሻረውም።

በምሳሌ እንየው። ምሳሌው የፈጠርነው ነው፤ ነገሩ ግን በየገበያው አለ። አንዲት ባለ ጠጅ ቤት ኅዳር ላይ ከአንድ ንብ አርቢ ጋር ተስማማች እንበል። ስልሳ ኪሎ ማር፣ ኪሎው በ500 ብር፣ ከታኅሣሥ 20 በፊት ሊያስረክባት። ጠቅላላው 30,000 ብር ነው። እሷም 3,000 ብር ቀብድ ሰጠችው። ሲነጋገሩ ያገናኛቸው ደላላና አንድ ጎረቤት ነበሩ። በታኅሣሥ አጋማሽ ሌላ ሰው በርካሽ አመጣላት። ገበሬው ማሩን ጭኖ ሲደርስ «አባባ፣ ምን ውል አለን? ወረቀት አለዎት?» አለችው።

ሕጉ መጀመሪያ የማስረዳቱን ሸክም በገበሬው ላይ ይጥላል። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ታዲያ በምን ያስረዳል? ቁጥር 2002 መንገዶቹን ይዘረዝራል፦ ጽሑፍ፣ ምስክር፣ የሕሊና ግምት፣ የባላጋራ እምነት ወይም መሐላ። ወረቀት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ማር ደግሞ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ስለሆነ ሽያጩ የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለበትም።

እዚህ ላይ ቀብዱ ይመጣል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ራሱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። «ምን ውል አለን?» ያለችው ሴት 3,000 ብሩን መስጠቷ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ክህደቷ ፈረሰ። ቁጥር 1885 ደግሞ ውጤቱን ይነግረናል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ ተቀባይ ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ እሷ ካፈረሰች 3,000ው ለገበሬው ይቀራል። ገበሬው ማሩን ለሌላ ሽጦባት ቢሆን ኖሮ 6,000 ይመልስላት ነበር።

ታዲያ ብልጧ ገዢ 3,000 ብር ጥላ ትሄዳለች ማለት ነው? እዚህ ጋ ነው የቃል ውል ዝርዝሩ የሚያስፈልገው። ገንዘቡ ሲሰጥ «ቀብድ» ተባለ ወይስ «የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ»? ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ያንን የማፍረስ በር አይከፍትም፤ ገበሬው ውሉ ይፈጸምልኝ ወይም የደረሰብኝ ጉዳት ይካስ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የአንዲት ቃል ልዩነት የብዙ ሺህ ብር ልዩነት ነው። ምስክር የሚያስፈልገውም ለዚች ቃል ነው።

«ተስማምተዋል ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር እምብዛም አይጠቅምም። የሚጠቅመው በቦታው የነበረ፣ ስልሳ ኪሎ ሲባል የሰማ፣ ብሩ ሲቆጠር ያየ፣ ቀኑንና ስሙን ሳይደናገር የሚናገር ነው። ዳኛ በውሉ ውስጥ ያልነበረውን ሊጨምርላችሁ አይችልም፤ ቁጥር 1714 ይከለክለዋል። መጠኑ ካልታወቀ ውሉም ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፤ የምስክሮቹ ዝርዝር ከክሱ ጋር አብሮ ይቀርባል። «ኋላ አመጣለሁ» ያለ ሰው ኋላ በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ለእኛ ለከተሜዎቹ ደግሞ ስልክ አለን። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ከተስማማችሁ በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት ስልሳ ኪሎ፣ በ500፣ እስከ ታኅሣሥ 20» ብላችሁ ላኩ። ዝም ካለ ዝምታው ብቻውን እሺታ አይሆንም። «እሺ» ብሎ ከመለሰ ግን በገዛ ጣቱ አመነላችሁ። ገንዘብ በባንክ ስትልኩም ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የማር ቀብድ» በሉ።

«የሐሰት ምስክር በሞላበት አገር ይኼ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚሉን አሉ። የሐሰት ምስክር መኖሩን አንክድም። ግን የሐሰት ሰነድስ የለም? ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፤ በሐሰት ከመሰከረም በወንጀል ይቀጣል። በዚህ ፍርሃት ምስክርን እንተው ካልን ፍርድ ቤቱን ጽሑፍ ለማያውቀው ገበሬ ዘጋንበት ማለት ነው።

በሌላ በኩል «ቃሌ ቃል ነው» እያላችሁ ሁሉን በአፍ የምትጨርሱ ወዳጆቻችንም ተጠንቀቁ። ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት በቃል አይሸጥም። የዋስትና ውልም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሽማግሌ ፊት «እኔ ዋሱ ነኝ» ማለት በሕግ አያስይዝም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውልም እንዲሁ ጽሑፍ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ፎርም ታዝዞ ካልተፈጸመ በእጃችሁ ያለው ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም።

ከሁሉ የከፋችው ግን ብድር ናት። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። አሥር ሰው ሲቆጠር አይቶ ቢመሰክር ዋጋ የለውም። ብድሩን ስትከፍሉም ያው ነው፤ ደረሰኝ ያዙ። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በምሳሌያችን የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ ነው። ለጓደኛው ሁለት ኪሎ ማር መግዣ ያበደረና ሁለት መቶ ሺህ ያበደረ ሰው በአንድ በር ይገባሉ። ይህ ቁጥር መሻሻል አለበት ብለን እንሞግታለን። እስኪሻሻል ድረስ ግን ለወንድማችሁም ቢሆን ስታበድሩ አስፈርሙ።

«ወረቀት አለህ?» ሲሏችሁ እንግዲህ መልሱ «የለኝም» ብቻ አይሁን። «የሸጥኩት ማር ነው፤ ቀብድ ተቀብያለሁ፤ እገሌና እገሌ ነበሩ» በሉ። ከዚያ በኋላ መደናገጥ የጠያቂው ተራ ነው።