አድዋን ከውጫሌ በፊት ያስቀመጠችው ልጅ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የታሪክ ፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ። ሁለት ጥያቄ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል። ወረቀቱን ሳየው አንዱ ስህተት የእሷ፣ ሌላው ደግሞ የፈተናው ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ስለሆኑ ነው ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት። ልጅ ያላችሁ፣ ታናሽ ያላችሁ፣ የምታስተምሩም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ፈተናው ላይ አንድ የጊዜ መስመር ተሥሏል። መስመሩ ላይ የውጫሌ ውል 1889፣ ኤርትራ ቅኝ ግዛት ተብላ የታወጀችበት 1890፣ ምኒልክ ውሉን ያፈረሱበት 1893 ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄው፦ «የአድዋ ጦርነት በዚህ መስመር ላይ የት ይገባል? ከውጫሌ ውል ጋር ያለውንስ ግንኙነት አስረዱ» ይላል።

ልጅቷ አድዋን ከውጫሌ በስተግራ አስቀመጠችው። ከሥሩም «ጣልያን አድዋ ላይ ከተሸነፈች በኋላ የወዳጅነት ውል ለመፈራረም ተገደደች» ብላ ጻፈች።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 አይደል? በየዓመቱ እናከብረው የለ? ውጫሌ 1889 ነው የሚለው። 1888 ይቀድማል» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ታሪክን በትምህርት ቤት የምትማረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አድዋን ግን የምታውቀው ከቤት፣ ከሬዲዮ፣ ከበዓሉ ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። ሁለቱ ቁጥሮች ጭንቅላቷ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከየትኛው ዘመን እንደመጡ የሚናገር ምልክት ግን የላቸውም። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ በእኛ 1889 ሌላ ትልቅ ነገር መኖሩ ነው፤ በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ተፈርሞ ጣልያን የውጫሌን ውል መሻርና የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። አንዱ «1889» ውሉ የተወለደበት፣ ሌላው «1889» የተቀበረበት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የጊዜ መስመር ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ሥራ ቅደም ተከተል መቁጠር አይደለም። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ድረስ ከፈረንጁ ዓመት ሰባት ይቀነሳል፤ የእነሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት። ውጫሌ የተፈረመው በሜይ 1889 ስለሆነ ስምንት ቀንሱ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ይሆናል። አድዋ በማርች 1896 ነውና ስምንት ቀንሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር የቀረው ጊዜ አለ፤ ውጫሌም ይቀድማል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቀኑ አይደለም። ማብራሪያዋ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሳለ የጻፈችው ምክንያት ስሜት ይሰጣል! የተሸነፈ ውል ይፈርማል፤ ማን ይህን ይጠራጠራል? የሰው አእምሮ ሁለት ነገር በተርታ ካሳዩት መካከላቸው «ስለዚህ» የምትል ቃል መጨመር አያቅተውም። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ሌላ «ስለዚህ» ይፈጥራል። ዶሮ ሲጮህ ይነጋል፤ ዶሮ ስለጮኸ ግን አይነጋም። የጊዜ መስመር የሚነግረን የቱ እንደቀደመ ብቻ ነው። የቱ የቱን እንዳመጣ አይነግረንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ይህኛው ላይ ነው ከፈተና አውጪው ጋር የተጣላሁት። «የአድዋ ጦርነት ምክንያት የቱ ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ፦ ሀ) የመተማ ጦርነት፣ ለ) የምኒልክ ንግሥ፣ ሐ) የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ መ) የአምባላጌ ውጊያ። ልጅቷ «ሐ»ን መረጠች። ኤክስ! መልሱ «መ» ነው ተባለ፤ አምባላጌ ለአድዋ በጊዜ የቀረበ ስለሆነ።

ይህ አስተራረም የልጅቷን ስህተት በሌላ መልኩ የደገመ ነው። እሷ ቁጥሩን አይታ ምክንያት ፈጠረች፤ አራሚው ደግሞ ቅርበትን አይቶ ምክንያት ፈጠረ። አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 የተደረገ ውጊያ ነው። የምኒልክ የክተት አዋጅ ግን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ታውጇል። ጦሩ ተነሥቶ፣ ሰሜን ደርሶ፣ የመጀመሪያውን ፍልሚያ ያደረገው እዚያ ነው። እናም አምባላጌ የጦርነቱ መክፈቻ ነው እንጂ ጦርነቱን ያመጣው ነገር አይደለም። የአንድ ነገር መጀመሪያ የዚያው ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምክንያትን ከተራ ቅደም ተከተል እንዴት እንለይ? ለልጅቷ ሦስት ጥያቄ ሰጠኋት። በምርጫዎቹ ላይ እንሞክራቸው።

አንደኛው፦ «ይህ ባይሆን ኖሮ ያኛው ይቀር ነበር?» የመተማን ጦርነት እንውሰድ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ውጫሌ ተፈረመ። መስመሩ ላይ ሲታይ ሞታቸው ውሉን የወለደ ይመስላል። ነገር ግን የምኒልክና የጣልያን ድርድር ከዚያ በፊት የቆየ ነው፤ አንቶኔሊ የሚባለው የጣልያን መልእክተኛ ሸዋ ውስጥ ለዓመታት ሲመላለስ ነበር። ሞታቸው የለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ብቻ ሳይሆኑ ንጉሠ ነገሥት ሆነው እንዲፈርሙ አስቻለ፤ ለጣልያንም ወደ ደጋው የሚወስደውን መንገድ ከፈተላት። ይህ በር ከፋች ሁኔታ ነው። በር ከፋችን ከምክንያት መለየት የሚችል ተማሪ የጥያቄውን ግማሽ መልሷል።

ሁለተኛው፦ «ነገሩ መቼ ተደረገ? መቼስ ታወቀ?» ሰው የሚነሣው በሆነው ነገር አይደለም፤ ባወቀው ነገር ነው። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ጣልያንን መጠቀም ይችላሉ ይላል። የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጣልያን በጥቅምት 2 ቀን 1882 ይህንን ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው፤ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲያስታውቁ የመጣው መልስ «በጣልያን በኩል አድርጉት» የሚል ሆነ። ያኔ ነው ነገሩ የፈነዳው። በመስከረም 1883 ለጣልያኑ ንጉሥ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በየካቲት 1885 ውሉን አፈረሱት። መስመሩ ላይ የተጻፈው የፊርማው ቀን ብቻ ከሆነ ጠቡ ለምን በሚያዝያ 1881 እንዳልጀመረ መልስ አታገኙም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በፈረንጁ መስመር መተማ፣ ውጫሌ፣ የጣልያን ማስታወቂያና ንግሡ አራቱም «1889» ናቸው፤ አንድ ነጥብ ላይ ይደራረባሉ። ዓመቱን ብቻ የሚያይ ተማሪ ጣልያን ማስታወቂያውን የላከችው ምኒልክ ስለነገሡ ነው ቢል የሚይዘው የለም። ወሩን ሲያይ ግን ማስታወቂያው ንግሡን በሦስት ሳምንት ይቀድማል፤ የኋላው ደግሞ የፊቱን ሊያመጣ አይችልም። ዓመቱ አንድ ሲሆን ወሩን ፈልጉ፤ ፈተናው ወሩን ካልሰጠ ደግሞ ያንን ቅደም ተከተል የመጠየቅ መብት የለውም።

ሦስተኛው፦ «ለምን ያን ጊዜ? ለምን ቀደም ብሎ አልሆነም?» ውሉ በ1885 ፈርሶ ጦርነቱ እስከ 1888 የቆየው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ አገሪቱ ክፉ ቀን ከሚባለው ረሃብ ገና ማገገሟ ነበር። የከብት በሽታው በሬውን ጨርሶታል፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እህል ከሌለ ደግሞ ያንን የሚያህል ጦር ማዝመት አይቻልም። ረሃቡ አድዋን አላመጣም፤ ይልቅስ የሚያዘገይ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ጣልያን በ1887 እርምጃዋን ቀየረች። በታኅሣሥ የደጃዝማች ባሕታ ሐጎስን አመፅ ደመሰሰች፤ በጥር ኮዓቲት ላይ ከራስ መንገሻ ጋር ተዋጋች፤ በመጋቢት አዲግራትን ያዘች። ከወረቀት ክርክር ወደ መሬት ወረራ የተሻገረችው ያኔ ነው። የክተት አዋጁም ከዚያ በኋላ በመጣው መስከረም ታወጀ።

እንግዲህ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፦ የቆየው ምክንያት ጣልያን ኢትዮጵያን በእጇ ለማስገባት መፈለጓና ይህንንም በአንቀጽ 17 ሕጋዊ ለማስመሰል መሞከሯ ነው፤ የቅርቡ ምክንያት ወደ ትግራይ መግፋቷ ነው። ከተሰጡት አራት ምርጫዎች ደግሞ ምክንያት ሊባል የሚችለው «ሐ» ብቻ ነው። ልጅቷ ልክ ናት።

መምህሯ ለምን እንደዚያ እንዳረሙ ይገባኛል። ስድሳና ሰባ ልጅ ያለበትን ክፍል ወረቀት በሌሊት እያረሙ ስለ በር ከፋችና ስለ ምክንያት ማሰብ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ማድረግ ዋጋ አያስከፍልም፦ በጊዜ መስመሩ ራስ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ፤ «ምክንያቱ የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «የቅርብ ምክንያቱ» ወይም «የቆየው ምክንያት» ብሎ መጠየቅ።

የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ዕለት ወረቀቷን ይዛ መምህሯ ዘንድ ሄደች። ስለ አድዋ ቦታ አልተከራከረችም፤ ያ የራሷ ስህተት ነውና። ስለ «ሐ» ግን መስከረም ከኅዳር እንደሚቀድም አሳየቻቸው። መምህሯ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ አይተው ኤክሱን ሰርዘው ማርኩን ጨመሩላት። «ይህን ለክፍሉ ንገሪያቸው» ብለውም ሰሌዳው ፊት አቆሟት።

እናንተስ ቤት? እስኪ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፦ አድዋና ውጫሌ የቱ ይቀድማል? መልሱን ሲነግሯችሁም እዚያው አታቁሙ፤ «በየትኛው አቆጣጠር?» በሏቸው።